ለዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ የሚነበብ የምስጋና ጽሑፍ፦ እስቲ አብራችሁ እዩልኝ (ደብረ ብርሃን)

የበሬሳ ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። የሰፈራችን ዕድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የፊታችን እሁድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ ዕቃ ቤቱን በነፃ ይዘው የሚያገለግሉ አንዲት እናት እንዲሸለሙ ወስኗል። የሚነበበውንና ወረቀቱ ላይ የሚታተመውን እኔ እንዳዘጋጅ ተነገረኝ። የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ እንጂ ጽሑፍ ስለምችል አይደለም።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እትዬ እያልኩ ልቀጥል። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ወ/ሮ ...... ለዕድራችን ላለፉት በርካታ ዓመታት ያለ መታከት፣ በቅንነትና በታማኝነት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ከልብ እያመሰገንን፣ ለወደፊቱም መልካሙ ሁሉ እንዲገጥማቸው በመመኘት ይህን የምስክር ወረቀት ሰጥተናል።»

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ «ጋሼ አሪፍ ነው፣ ላትመው?» አለኝ። እኔ ግን ደረቅ ሆነብኝ። ምን ይጎድለዋል?

---

ጡረታ ላይ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:15

የሚጎድለው ሴትየዋ ናቸው። የሳቸውን ስም አውጥተህ የኔን ብታስገባ ያስኬዳል። የዘበኛውንም ብታስገባ ያስኬዳል።

እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬ፣ የሁለት ዕድር ጸሐፊም ሆኜ አገልግያለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት ስጽፍ መጀመሪያ ብዕር አላነሳም፤ እጠይቃለሁ። አንተንም ልጠይቅህ። ቁልፉን መቼ ተረከቡ? ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን ምን አለ? ለቅሶ ሲኖር ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ ሦስተኛው ቀን ምን ያደርጋሉ? ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ ምን ይበላሽ ነበር? በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳትመልስ እንዳትጽፍ።

---

ሕጋዊ ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 3:32

ወንድሜ ከጽሑፉ በፊት ማህተሙን አስብ። የቀበሌ ማህተም የሌለው የምስክር ወረቀት ዋጋ የለውም። ቀበሌ ሄደህ ደብዳቤ አስገባ። እነሱ ያጸድቁልሃል።

---

ሂሳብ ሹም | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

@ሕጋዊ ሰው ማህተም ያስፈልጋል ያልከው ልክ ነው። የቀበሌ መሆን አለበት ያልከው ግን አይደለም። ሸላሚው ዕድሩ ነው። የዕድሩ ማህተምና የሰብሳቢው ፊርማ ካለበት በቂ ነው። ሴትየዋ ወረቀቱን ሳሎናቸው ውስጥ ሊሰቅሉት ነው እንጂ ሥራ ሊቀጠሩበት አይደለም። እንዲያውም የቀበሌ ማህተም ሲያርፍበት ሽልማቱ ከቀበሌ የመጣ ይመስላል። ዕድርተኛው ያኮርፋል።

@የበሬሳ ማዶ እኔ የምመክርህ ሌላ ነው። የምትጽፈውን ዓመተ ምህረት ሁሉ ከቃለ ጉባኤና ከደረሰኝ ጋር አመሳክር። በቃል የሚነገር ዓመት ሁልጊዜ ይሳሳታል።

---

ሰላም ነኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

እኔም ይሄው ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ ሁለት ክረምት በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰርቷል። የአቅመ ደካሞች ቤት ጠግነዋል፣ ችግኝ ተክለዋል። ወረቀት ተሰጥቶታል። ግን ሥራ ሲያመለክት አልተቀበሉትም። እንዴት ተደርጎ ነው የሚጻፈው?

---

ጡረታ ላይ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

እህቴ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። ወንድምሽ የሚፈልገው የአገልግሎት ማስረጃ ነው። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ሥራ፣ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሠራ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ። እሱን ደግሞ ያሠራው ክፍል ነው የሚጽፈው። የክረምቱ ወረቀት ለብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ የታተመ ነው፤ ስም ብቻ ነው የሚሞላበት። ቀጣሪ አይቶ የሚያውቀው ነገር የለም። ሄዶ ደብዳቤ ይጠይቅ።

እዚህ የምናወራው ሰው ፊት ስለሚነበብ ምስጋና ነው። ቀጣሪ አያየውም። ጎረቤት ይሰማዋል። ጎረቤት ደግሞ ከቀጣሪ ይከብዳል፣ ምክንያቱም እውነቱን ያውቃል።

---

የበሬሳ ማዶ | ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ጋሼ ጡረታ፣ ጥያቄዎቹን ልመልስ።

ዕቃ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግቢያቸው ጥግ ላይ። ትልቁ ድንኳን፣ አግዳሚዎች፣ ብረት ድስቶች፣ ሰታቴ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጀበና፣ ማንቆርቆሪያ፣ የእጅ መታጠቢያ አለው። ለቅሶ ሲደርስ መጀመሪያ የሚንኳኳው የሳቸው በር ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ይሁን አሥር፣ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። የሚወጣውን ዕቃ ይቆጥራሉ፣ ጥራዝ ላይ ይጽፋሉ፣ የወሰደውን ልጅ ያስፈርማሉ። ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይቆጥራሉ።

ሳህኖቹ ከሥራቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። እሳቸው ናቸው የቀቡት። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ሲገጥም የኛና የጎረቤት ዕድር ሳህን ይደባለቃል። ድሮ ጭቅጭቅ ነበር። አሁን ሳህኑን ገልብጦ ማየት ነው።

ትልቁ ግን ድንኳኑ ነው። ክረምት ላይ ሦስተኛው ቀን ሲነሳ ርሶ ነው የሚመለሰው። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ጠቅልለው ወርውረው መሄድ ይፈልጋሉ። እሳቸው አያስገቡትም። ሳይደርቅ የተጠቀለለ ሸራ በሁለት በሦስት ቀን ይሸታል። ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ከዚያ በኋላ በታጠፈበት መስመር መቀደድ ነው። ፀሐይ ካለ አጥር ላይ ያሰጡታል። ዝናቡ እንቢ ካለ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አግዳሚዎቹን አቁመው በላያቸው ይዘረጉትና ማታ ማታ ይገለብጡታል። ሲጠቀለልም በድሮው እጥፋት አያስጠቀልሉም፣ ቦታ ይቀይራሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የኛን ከተማ ውርጭ ታውቃላችሁ። ጠዋት ድንኳኑ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። በሩቅ የደረቀ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ከጠቀለልከው በረዶውን አብረህ ጠቀለልክ ማለት ነው፤ ቀን ቀልጦ ውስጡን ያረጥበዋል። እትዬ ከአራት ሰዓት በፊት ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ እሳቸው ሻይ ያፈሉላቸዋል።

እና አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ነበር፦ «አንድም ሳህን ሳይጎድል»፣ «የጎደለውንም ከኪሳቸው እየተኩ» የሚል።

---

አንኮበሬው | ረቡዕ፣ ማታ 2:25

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ትውልዳቸው ይነገር እንጂ። እኔ እንዲህ ጀመርኩልህ፦

«ወ/ሮ ...... ከአባታቸው ከአቶ ...... ከእናታቸው ከወ/ሮ ...... በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትዳር ሲደርስ በሕግ ተጋብተው ልጆች አፍርተዋል። ወ/ሮ ...... ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።»

---

ጡረታ ላይ | ረቡዕ፣ ማታ 2:31

«ነበሩ»? አንኮበሬው፣ ሴትየዋ እኮ በሕይወት አሉ። ይሄን ማይክ ላይ ካነበብከው ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ማልቀስ ይጀምራል።

---

አንኮበሬው | ረቡዕ፣ ማታ 2:34

😂 እጄ ለምዶ ነው። ሰፈራችን ሰው ሲያርፍ የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ።

---

ጡረታ ላይ | ረቡዕ፣ ማታ 2:58

እኔም የማውቀው ችግር ስለሆነ ትንሽ ልናገርበት። ዕድር ውስጥ ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የሕይወት ታሪክ ነው። ስለዚህ ምስጋናም ሲጽፍ ያው ቅርጽ ይወጣል። ትውልድ፣ ጋብቻ፣ ልጆች፣ ጠባይ። ምስጋና ግን የሰውየውን ሕይወት ሙሉ አይዘግብም። አንድ ሥራ ይዞ እሱኑ ያሳያል። ግሱም አሁንን ይናገር፦ «ይከፍታሉ»፣ «ይቆጥራሉ»፣ «አያስጠቀልሉም»። «ሲያገለግሉ ኖረዋል» ካልክ ወይ ሞተዋል ወይ ልታባርራቸው ነው።

ጠባይን አትናገር። «ታማኝ ናቸው» አትበል። ሌሊት ቆጥረው ያስፈርማሉ በል፣ ታማኝነቱን ሰሚው ራሱ ይናገረዋል። አንተ ማታ 1:50 ላይ የጻፍከው መልስ ከዋናው ጽሑፍህ በብዙ ይሻላል። ውርጩን አስገባ። ሰማያዊውን ቀለም አስገባ። ሌላውን ተወው።

ስለ ሳህኑ ግን ሂሳብ ሹም ይናገር።

---

ሂሳብ ሹም | ረቡዕ፣ ማታ 4:20

እናገራለሁ። «አንድም ሳህን ሳይጎድል» አትጻፍ። ጥራዙ ላይ የጎደለ ተጽፎ ይሆናል፤ ሰብሰብ ብሎ ከተቀመጠው ሰው ውስጥ ደግሞ የሰበረው አለ። አንድ ሰው ጎን ለጎን «እንዴ፣ ባለፈው የኛ ለቅሶ ላይ ስድስት ተሰብሮ የለ?» ካለ ጽሑፉ በሙሉ ዋጋ ያጣል። የተጋነነች አንዲት ዓረፍተ ነገር እውነተኞቹንም ታስጠረጥራለች።

«ከኪሳቸው እየተኩ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ሦስት ሰው ያስቀይማል። መጀመሪያ ዕቃ ያጎደለውን ሐዘንተኛ ቤተሰብ፤ ስማቸው ባይጠራም ራሳቸውን ያውቃሉ። ሁለተኛ ኮሚቴውን፤ ዕድሩ ገንዘብ እያለው ለምን አንዲት ሴት ከፈሉ ይባላል። ሦስተኛ ሴትየዋን፤ እሳቸው ዝም ብለው የሠሩትን አንተ ማይክ ላይ አወጣህባቸው። ይሄ ለቁጥጥር ኮሚቴ ነው የሚቀርበው። እውነት ከፍለው ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው ወጪውን ይተካላቸው፤ ግን በሽልማቱ ሰዓት ሳይሆን በሂሳብ ሪፖርቱ ሰዓት።

---

ከዲሲ | ሐሙስ፣ ጠዋት 12:45

እኔ የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ እትዬን በደንብ አውቃቸዋለሁ። የናቴ ለቅሶ ላይ አምስት ቀን ሙሉ አልተኙም። ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል? ዋንጫ ይሠራ፣ ትልቅ፣ የመስታወት። ስማቸው የተቀረጸበት። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።

---

የመንዝ ባና | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:10

መስታወት ዋንጫ ለደብረ ብርሃን? ሰውዬ ብርዱን ረሳኸው መሰለኝ። ባና ይሰጣቸው። ጥሩ የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር፣ ሴቶች የፈተሉት ወንዶች የሸመኑት፣ ሳይነከር በተፈጥሮ ቀለሙ። ከባድ ነው፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ ደርበው ይወጡበታል።

ገበያ ላይ ስትገዛ ግን እወቅበት። ክር የተቀላቀለበት አለ። ጫፉ ላይ ያለውን ዘለላ ጎትተህ ትንሽ በእሳት አስነካው። ጠጉር ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ያለበት ከሆነ ቀልጦ ይጠነክራል። ሻጩ ካልፈቀደልህ አትግዛ።

---

ከዲሲ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:40

ባናውን ወደድኩት። ከመሃል ሜዳ ማምጣት ይቻላል?

---

የመንዝ ባና | ሐሙስ፣ ጠዋት 3:52

ይቻላል። ግን እሁድ ሳምንት ከሆነ አሁን የሚሸመን አይደርስም። የተሸመነ መፈለግ ነው። የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ እጠይቅልሃለሁ።

---

ሂሳብ ሹም | ሐሙስ፣ ቀን 6:15

ስጦታውን በተመለከተ፦ ከዲሲ የሚልከው የግሉ ገንዘብ ከሆነ «ከሰፈሩ ልጆች» ተብሎ ለብቻው ይሰጥ። በዕድሩ ሳጥን ውስጥ ገብቶ አይውጣ። ከገባ ገቢ ነው፣ ሲወጣ ደግሞ ደንቡ ይጠየቃል። የብዙ ዕድሮች ደንብ ለሐዘን እንጂ ለሽልማት ገንዘብ አይፈቅድም።

---

የበሬሳ ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 1:30

እሺ። ዛሬ ሰብሳቢው ቤት ሄጄ መዝገቡን አገላብጬ መጣሁ። ሂሳብ ሹም እንዳለው ነው። ሁሉም ሰው «ድንኳኑ የተገዛ ዕለት ነው ቁልፉን የተረከቡት፣ 2003 ነው» ይል ነበር። የድንኳኑ ደረሰኝ ኅዳር 2004 ይላል። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ቁልፉን በየካቲት 2005 ተረከቡ ይላል። ከሳቸው በፊት አንድ አባት ነበሩ የያዙት።

እና አዲሱ ይሄው። የሚነበበው፦

«የዕድራችን አባላት፤ ዛሬ የምናመሰግናቸው ወ/ሮ ...... ናቸው።

በየካቲት 2005 ዓ.ም. የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ተረከቡ። ከዚያ በፊት ዕቃው ይዝረከረክ ነበር። ዛሬ ግን ሐዘን ሲደርስብን መጀመሪያ የምናንኳኳው የሳቸውን በር ነው። ሌሊትም ቢሆን ባትሪ ይዘው ወጥተው ይከፍታሉ። የሚወጣውን ይቆጥራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያስፈርማሉ። ሲመለስም እንደገና ይቆጥራሉ። ለዚህ ሥራ ደሞዝም አበልም ወስደው አያውቁም።

ሳህኖቻችንን ገልብጣችሁ እዩ። ሰማያዊ ቀለም አለበት። ከጎረቤት ዕድር ጋር በዕቃ የተነሳ መጨቃጨቅ የቀረው እሳቸው ይህን ቀለም ከቀቡ ወዲህ ነው።

ክረምት ላይ ድንኳኑ ርሶ ሲመለስ ሳያደርቁ አያስገቡም። በውርጭ ወራት ፀሐይ ሳይሞቀው አያስጠቀልሉም። ልጆቻችን በዚህ ያማርራሉ። በ2004 ዓ.ም. የገዛነው ድንኳን ግን ዛሬ በላያችን ተተክሏል።

ወ/ሮ ......፣ ዕድሩ ያመሰግንዎታል።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

---

ጡረታ ላይ | ሐሙስ፣ ማታ 2:05

አሁን ሰው መጣ። «ልጆቻችን በዚህ ያማርራሉ» የምትለዋን እንዳታወጣት፣ ሰው ይስቃል። መሳቁ ደግሞ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አውጣ። «ከዚያ በፊት ዕቃው ይዝረከረክ ነበር»። ከሳቸው በፊት የያዙት አባት ልጆች ጉባኤው ላይ ይቀመጣሉ አይደል? አንዱን ለማመስገን ሌላውን አትውቀስ። ከፈለግህ «ቁልፉን ከአቶ ...... ተረከቡ» በልና ስማቸውን አንሳ። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል።

መጨረሻ ላይ ወደ «እርስዎ» መዞርህ ጥሩ ነው። ንባቡ ለሕዝቡ ነው፣ የመጨረሻዋ መስመር ለሳቸው። አንባቢው እዚያ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ወደሳቸው ይዙር።

---

ሂሳብ ሹም | ሐሙስ፣ ማታ 2:40

«ዛሬ በላያችን ተተክሏል» ቆንጆ ናት። ግን ጉባኤው በድንኳን ነው ወይስ በአዳራሽ? ባለፈው ዓመት የኛ ለዝናብ ብሎ ትምህርት ቤት አዳራሽ ገባ። አንባቢው ጣሪያ ሥር ቆሞ «በላያችን ተተክሏል» ቢል መሳቂያ ነው።

---

የበሬሳ ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 2:52

በድንኳን ነው። ግን ለክፉም ለደጉም «ዛሬም ያገለግለናል» የሚል ሁለተኛ መስመር በእርሳስ ጽፌ እይዛለሁ።

---

የጡሩምባው ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ይቅርታ ግን ልጠይቅ። እኔም የአንድ ዕድር አባል ነኝ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ። አባቴ ጡሩምባ ነፊ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌሊት ተነስቶ በውርጭ ሰፈሩን ይዞራል። ለሱ የተጻፈ ነገር የለም። ለዕቃ ቤት ሲሸለም ለጡሩምባ ለምን አይሸለምም? አንዱ ሲጠራ ሌላው አይከፋውም ወይ?

---

ጡረታ ላይ | ሐሙስ፣ ማታ 4:00

ይከፋዋል። እውነቱን ነው። አንዳንድ ዕድር ጡሩምባ ነፊውን ትንሽ ስለሚከፍለው «እሱ ተከፋይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚከፈለው ግን የእንቅልፉ ዋጋ አይደለም። ምን መደረግ እንዳለበት ለኔም ግልጽ አይደለም። በየዓመቱ አንድ ሰው መሸለም ተራ ይሆንና ከጊዜ በኋላ ትርጉም ያጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን መሸለም ደግሞ የክረምቱን ወረቀት ይመስላል።

---

ሕጋዊ ሰው | ሐሙስ፣ ማታ 4:12

ሁሉንም መሸለም ይሻላል ባይ ነኝ። አለበለዚያ ዕድሩ ይከፈላል።

---

የጡሩምባው ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4:20

አባቴ ወረቀት አይፈልግም ይሆናል። ግን አንድ ቀን ስሙ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

---

የበሬሳ ማዶ | ዓርብ፣ ማታ 1:10

የኛን ጡሩምባ ነፊ በዚህ ጽሑፍ አላስገባም፣ ይደባለቃል። ሰብሳቢው ግን በመክፈቻ ንግግሩ እንዲያነሳቸው ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ያደርገው ይሆን፣ እንግዲህ እናያለን።

ለወረቀቱ አጭሩን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ወ/ሮ ...... ከየካቲት 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የዕድሩን ዕቃ ቤት ያለ ክፍያ በኃላፊነት ይዘው፣ ድንኳኑንና የሐዘን ቤት ዕቃውን ጠብቀው አባላትን በማገልገል ላይ ስለሆኑ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ይህን የምስክር ወረቀት ሰጥቷቸዋል።»

ከሥሩ ቀን፣ የሰብሳቢው ፊርማ፣ የዕድሩ ማህተም።

---

ሂሳብ ሹም | ዓርብ፣ ማታ 1:45

ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። «ጠቅላላ ጉባኤው ሰጥቷቸዋል» ካልክ ጉባኤው በዕለቱ ማጽደቅ አለበት። እስካሁን የወሰነው ኮሚቴው ብቻ ነው። አጀንዳው ላይ ከሽልማቱ በፊት አስገባውና እጅ ይውጣ፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ይስፈር። ካልሆነ «ሥራ አመራር ኮሚቴው» በል።

ሁለተኛ ስማቸውን ከመታወቂያቸው ላይ ቅዳ። እስከ አያት። ሰፈር የሚጠራቸው የቤት ስም ከሆነ መዝገብ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ አንዴ በቤት ስም ታትሞ፣ ማህተም አርፎበት፣ እንደገና ታተመ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደግሞ ከታተመ በኋላ ስለማይመልስልህ በእስክሪብቶ ጽፈህ ስጠው፣ በስልክ አትንገረው። ሀና ኃ፣ ሰና ሠ ሲቀያየር የተበሳጨ ሰው አውቃለሁ።

---

የመንዝ ባና | ቅዳሜ፣ ማታ 12:30

ባናው ተገኝቷል። ጠቆር ያለ፣ ሙሉ ጠጉር ነው፣ በእሳት አይተነዋል። ሰኞ በአውቶቡስ ይላካል። @ከዲሲ ዋጋውን በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።

---

ከዲሲ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:05

ተልኳል። ወንድሜ፣ ቪዲዮ ቅረጹልኝ እሺ? እትዬ ሲጠሩ ማየት እፈልጋለሁ።

---

ሰላም ነኝ | እሁድ፣ ቀን 8:20

ጥያቄ፦ እሳቸው ያውቃሉ ወይስ ድንገት ነው?

---

የበሬሳ ማዶ | እሁድ፣ ማታ 2:15

አያውቁም። ችግሩም እሱ ነው። ጉባኤ ሲኖር እሳቸው ድንኳኑ ውስጥ አይቀመጡም። ዕቃ ቤት በር ላይ ቆመው ብርጭቆና ሳህን እየቆጠሩ ለአስተናጋጆች ይሰጣሉ። ስማቸው ሲጠራ ውጪ ናቸው ማለት ነው። ማይኩ ደግሞ እዚያ ድረስ አይሰማም።

---

ጡረታ ላይ | እሁድ፣ ማታ 2:40

ንገራቸው። ድንገት የሚለው ለወጣት ነው። ትልቅ ሰው ሳይዘጋጅ ሰው ፊት ሲጠራ ይጨነቃል፤ የክት ልብሴን አለበስኩም ይላል። ከሁለት ቀን በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ፣ አንተና ሰብሳቢው፣ ጽሑፉን ራሳቸው ፊት አንብቡላቸው። የማይፈልጉት ነገር ካለ ያኔ ይነግሯችኋል። እኔ እንዲህ ሳደርግ ሁለት ጊዜ መስመር አስወጥተውኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበሩ።

ለዕለቱ ቁልፉን የሚይዝ ሰው መድብ። ከምሳ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት ብቻ ናት።

---

የበሬሳ ማዶ | ዓርብ፣ ማታ 3:05

ዛሬ ከሰብሳቢው ጋር ሄደን አነበብንላቸው። የሻይውን ነገር ለምን እንዳልጨመርኩት ጠየቁኝ። ልጆቹ በውርጭ ሲጠብቁ ሻይ እንደሚያፈሉላቸው፣ ስኳሩን ደግሞ ጎረቤታቸው እንደሚሰጧቸው። «የሷን ስም ጨምር፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም» አሉ። ጨመርኩት፦ «ልጆቻችን በዚህ ያማርራሉ፤ እሳቸውና ጎረቤታቸው ወ/ሮ ...... ግን ሻይ አፍልተው ያስጠብቋቸዋል።»

ስለ ሳህኑ ቀለም «ይሄም ይወራል እንዴ» ብለው ሳቁ፣ ግን አላስወጡትም።

ቁልፉን ግን እንቢ አሉ። «አንድ ሰዓት ነው እኮ እትዬ» ብላቸው፣ «ታዲያ ብርጭቆውን ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ። ሰብሳቢው እየለመናቸው ነው። እስከ እሁድ ጠዋት ካልተስማሙ ብርጭቆው ቅዳሜ ማታ ተቆጥሮ ይውጣ ብለናል፣ እሱንም እሳቸው እንዲቆጥሩት።